ግጭ ላይ የተነሣው ጥያቄ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ ገብስ ይዘሩ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ፓርኩን በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ፣ ዋልያው በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር መድቦት ነበር። በ2017 ከዚያ ዝርዝር አወጣው።

ታዲያ ሰዎቹን ማንሣት ተገቢ ነበር?

ሰው ተኮሩ አመለካከት፣ ተራራው ዋጋ የሚኖረው ለሰው በሚሰጠው ጥቅም ልክ ነው ይላል። በዚህ ሚዛን አንዱ መነሣቱን ሊደግፍ፣ ሌላው ሊቃወም ይችላል። ግጦሽ የጨረሰው ሜዳ ምንጭ ያደርቃል፣ ቱሪስት ያሸሻል የሚለው ይደግፋል፤ ገበሬው ርስቱን አጣ የሚለው ይቃወማል። አመለካከት የሚለየው በድምዳሜው ሳይሆን በምክንያቱ ነውና አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ከነገ ጀምሮ አንድም ጎብኚ ባይመጣ፣ ዋልያን ማዳን ይገባል? ይገባል ያለ ሰው ከሰው ተኮሩ ሐሳብ ወጥቷል።

ወዴት ሄደ? አሜሪካዊው ፈላስፋ ፖል ቴይለር በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕይወት ያለው ሁሉ የራሱ የሆነ ደኅንነት ስላለው በራሱ ክብር ይገባዋል ብሏል። ይህ ሕይወት ተኮር አመለካከት ጭካኔን ለመግታት ብርቱ ነው። ግጭ ላይ ግን ይቸገራል፤ የሚመዝነው እያንዳንዱን ፍጡር ነውና፣ አንዲት ዋልያ ከአንዲት በግ ለምን እንደምትቀድም ሊነግረን አይችልም። በግ የትም አለ፤ ዋልያ ግን ከሰሜን ተራሮች ከጠፋ ከዓለም ጠፋ።

ይህን ልዩነት የሚያይልን ሥነ ምህዳር ተኮሩ ነው። አልዶ ሊዮፖልድ ከሞተ በኋላ በ1949 የታተመው መጽሐፉ፣ የሥነ ምግባር ወሰን አፈሩን፣ ውኃውን፣ ዕፅዋቱንና እንስሳቱን በአንድነት እንዲያቅፍ ጠየቀ። ሣሩ፣ ጅብራው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ተያይዘው የሚኖሩ ስለሆኑ፣ የሚጠበቀው አጠቃላይ ትስስሩ ነው። አሜሪካዊው ቶም ሬገን ግን ይህ ሐሳብ ግለሰብን ለጅምላው መሥዋዕት ያደርጋል ሲል አጥብቆ ተቃውሞታል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ግጭ ላይ ለትስስሩ ሲባል ቤቱን የለቀቀው ደሃ ገበሬ ነው።

እኔ ሜዳው ከግጦሽ ማረፍ እንደነበረበት አምናለሁ፤ ምክንያቴም ቱሪዝም አይደለም። ነገር ግን የዋልያ ዋጋ የዓለም ሁሉ ከሆነ፣ ዕዳውን የአንድ መንደር ሰው ብቻውን መሸከም የለበትም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ካሳ ለልጅ የሚወረስ እርሻን አይተካም። ከግጭ የወረዱት ቤተሰቦች ከፓርኩ ገቢ ቋሚ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል።