ከመጨረሻው ወንበር የሚነበበው ስላይድ የትኛው ነው?

በንግድ ጉባኤ ላይ ዋጋውን በስላይድ የሚያሳይ ነጋዴ፣ ከኋላ የተቀመጠው ገዢ 3ን 8 አድርጎ ያነበበበት እንደ ሆነ ጉዳቱ የራሱ ነው። ስለዚህ ስላይድ በቅርብ ታይቶ ሳይሆን በርቀት ተፈትኖ ሊመረጥ ይገባል።

አንድ የቆቦ ነጋዴ ስለ ጤፍ፣ ስለ ማሽላና ስለ ሽንኩርት ለመናገር ሦስት ዓይነት ስላይድ አዘጋጀ እንበል። የመጨረሻው ወንበር ከመጋረጃው 20 ሜትር ይርቃል፤ የመጋረጃው ቁመት ደግሞ 2 ሜትር ነው፤ ይኸውም ርቀቱ የቁመቱ 10 እጥፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ በኮምፒዩተሩ ላይ የስላይዱ ቁመት 20 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ 2 ሜትር ርቆ የሚቆም ሰው ከአዳራሹ ጫፍ እንደ ተቀመጠ ያህል ያያል። ጽሑፉን አስቀድሞ ያላየ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ያዘጋጀው ሰው ራሱ ካነበበ ያልታየውን በቃሉ ይሞላዋልና።

አንደኛው ስላይድ 14 መስመር ያለበት ሠንጠረዥ ነው፤ በዚህ ርቀት ቁጥሮቹ ይደባለቃሉ። ሁለተኛው በማሽላ እርሻ ፎቶግራፍ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ትልቅ ቢሆንም በነጣው ሰማይ ላይ ይጠፋል፤ የአዳራሹ መስኮት ሲከፈትም ይብስበታል። ሦስተኛው በነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ 5 መስመር ነው፤ እርሱ ይነበባል።

የፊደሉ ቁመት ከርቀቱ 200ኛ እጅ ባያንስ መልካም ነው፤ በዚህ አዳራሽ መጋረጃ ላይ 10 ሳንቲሜትር፣ በኮምፒዩተሩ ላይ 1 ሳንቲሜትር ይሆናል። በፊደላችን «ኩ» ከ«ኪ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ያነሰ ጽሑፍ አያስተማምንም። ሦስተኛው ስላይድ ግን የዋጋውን ዝርዝር ሁሉ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ በወረቀት ታትሞ ለተሰብሳቢው ይታደል።