«ታላቅ ደስታ ይሰማናል» ከሚለው መግለጫ ዜናውን ማውጣት

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ለዚህ ጽሑፍ ስል ያዘጋጀሁት ነው። የትኛውንም ድርጅት አይመለከትም፤ ዜና ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ግን መሰሉን ደጋግሞ አንብቧል።

«በኢትዮጵያ ግንባር ቀደም የሆነውና ላለፉት በርካታ ዓመታት ለወገኑ ያለ ዕረፍት ሲተጋ የቆየው ድርጅታችን በዓይነቱ ልዩ የሆነ ዘመናዊ የንጹህ መጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በተገኙበት በደማቅ ሥነ ሥርዓት በማስመረቅ የኅብረተሰቡን የዘመናት የውሃ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል።»

ቃላቱን ብትቆጥሩ «ውሃ» የሚለውን የምታገኙት ሃያኛው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው ስለ ድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ምን እንደሠራ የሚናገረው ግስ ደግሞ እንግዶቹ ሁሉ ተቆጥረው ካለቁ በኋላ ይመጣል፤ የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያም የውሃው ወሬ ሳይሆን የድርጅቱ ደስታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በዚህ በኩል ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከስሙ በፊት «የሆነው»፣ «የቆየው»፣ «የተሰኘው» እያሉ ቅጽል በደረደሩ ቁጥር አንባቢው ምን እንደተፈጸመ ሳያውቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። በየጠዋቱ ብዙ መግለጫ የሚደርሰው አዘጋጅ ያን ያህል አይጓዝም። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ቀጣዩን ያነሳል።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ ሁሉ ውዳሴ ሥር እውነተኛ ዜና መኖሩ ነው። አንድ ቀበሌ ውሃ አግኝቷል። ይህን ዜና ከሥሩ ለማውጣት መጀመሪያ የሚደረገው ቃል መቀየር አይደለም፤ ስልክ መደወል ነው።

ብዙ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች «ግንባር ቀደም»ን ሰርዘው «ታዋቂ»ን፣ «ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል»ን ሰርዘው «ተገለጸ»ን በማስገባት መግለጫው ገለልተኛ የሆነ ይመስላቸዋል። «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ» ግን ተናጋሪውን ይሸሽጋሉ እንጂ ውዳሴውን አያነሱም። እንዲያውም ድርጅቱ ራሱን ያወደሰበትን ቃል ማንነቱ ያልታወቀ ሌላ ሰው እንደተናገረው ያስመስላሉ። ይህ ከግልጽ ውዳሴ የባሰ ነው። ገለልተኛ ጽሑፍ የሚባለው እያንዳንዱ ነገር ከማን እንደመጣ የሚያሳይና አንባቢው ራሱ ሊለካው የሚችል ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጽል ወደ ጥያቄ እንለውጥ። «ዘመናዊ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ለመስክ መሐንዲሱ ደወልን እንበል፤ ፓምፑ በናፍጣ ሳይሆን በፀሐይ ኃይል እንደሚሠራ ነገረን። እንግዲያው «ዘመናዊ» ይወጣና «በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ» ይገባል። «በዓይነቱ ልዩ» ከምን አንጻር? በአጎራባች ወረዳዎች ተመሳሳይ ጉድጓዶች ስላሉ ይህ ሐረግ ያለ ምትክ ይሰረዛል። «የዘመናት ጥያቄ»ስ? ነዋሪዎቹ እስከ ዛሬ ውሃ የሚቀዱት ከወንዝ ነበር፤ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። «ሦስት ሰዓት» ከ«ዘመናት» ይልቅ ይከብዳል፤ ጀሪካን ተሸክማ የምትመለሰውን ሴት ያሳያልና።

ከሁሉ በላይ አደገኛው ቃል «ሙሉ በሙሉ» ነው። እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መሐንዲሱ ጉድጓዱ 120 ሜትር ጥልቀት እንዳለውና በሴኮንድ 2 ሊትር እንደሚሰጥ ነግሮናል። የፀሐይ ፓምፕ ሌሊት አይሠራም፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ብለን እንያዝ። 2 ሊትር በሴኮንድ ማለት በሰዓት 7,200 ሊትር፣ በስድስት ሰዓት ደግሞ 43,200 ሊትር ነው። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያስቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። 43,200ን ለ25 ስናካፍል 1,728 ሰው ይወጣል። ቀበሌው ግን 4,200 ነዋሪ አለው።

«ሙሉ በሙሉ» የሚለው በአራት መስመር ስሌት ወደቀ። ውሃው ከነዋሪው ግማሽ ለማይሞላው ነው የሚበቃው። ይህን ጸሐፊው ራሱ ካላሰላው ጋዜጠኛው ያሰላዋል። ጋዜጠኛው ባያሰላው እንኳ ቦኖ ያልደረሰለት የላይኛው ጎጥ ነዋሪ ሬዲዮ ላይ «ውሃችሁ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ» ሲባል ይሰማል። የዚያን ሰው ምሬት ሳስብ ይህ የቃላት ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ያላገኘውን «አግኝተሃል» ማለት ሁለተኛ በደል ነው።

አሁን እንደገና ልንጽፈው እንችላለን፦

«የቀበሌው ሦስት ጎጦች ነዋሪዎች ከሰኔ 2 ቀን ጀምሮ ንጹህ የመጠጥ ውሃ ከቦኖ መቅዳት ጀመሩ። እስካሁን ውሃ የሚቀዱት ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ተጉዘው ከወንዝ ነበር። ውሃው 120 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፓምፕ ወጥቶ በስድስት ቦኖዎች ይከፋፈላል። ሥራው 14 ሚሊዮን ብር መፍጀቱን ጉድጓዱን ያስቆፈረው ድርጅት አስታውቋል። ጉድጓዱ ለ1,700 ያህል ሰዎች በቀን 25 ሊትር የሚያዳርስ ሲሆን ቀበሌው 4,200 ነዋሪዎች አሉት። ለቀሪዎቹ ሁለተኛ ጉድጓድ ለመቆፈር ጥናት መጀመሩን ድርጅቱ ገልጿል።»

በእውነተኛው መግለጫ ላይ የቀበሌው፣ የወረዳውና የድርጅቱ ስም በየቦታው ይገባል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ድርጅቱ አይደለም፣ ውሃ የቀዱት ሰዎች ናቸው። ድርጅቱ የመጣው በአራተኛው ላይ ነው፤ እዚያም የመጣው የወጪው መረጃ ምንጭ ስለሆነ ነው። «ድርጅታችን» የሚለው ጠፍቶ «ድርጅቱ» ሆኗል፤ አዘጋጁ ጽሑፉን እንዳለ ወስዶ ሊያትመው ከፈለገ «እኛ» ያለበትን አንቀጽ በጋዜጣው ስም ማውጣት አይችልምና።

የምረቃው ቀን እንኳ ተለውጧል። ረቂቁ ሊነግረን የፈለገው ሪባን የተቆረጠበትን ዕለት ነበር። ለአንባቢ የሚያስፈልገው ውሃው መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ ቦኖው ተመርቆ ውሃው ከሳምንታት በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኃላፊው ንግግርም የራሱ ሥራ አለው። በረቂቆች ላይ ዘወትር የምናገኘው «ይህ ፕሮጀክት የድርጅታችን የላቀ ራዕይና ቁርጠኝነት ማሳያ ነው» የሚል ጥቅስ ነው። ማንም ይህን በአፉ አይናገርም፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ጽፎ ለኃላፊው ያስፈርማል። ይልቁንስ ቢሮው ገብቶ «ፓምፑ ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና የተናገረውን መጻፍ ነው። «ከእያንዳንዱ ጀሪካን የሚሰበሰበው ሳንቲም በውሃ ኮሚቴው እጅ ይቀመጣል፤ ሁለት የመንደሩን ወጣቶች ለጥገና አሠልጥነናል» ቢል፣ ያ ጥቅስ ኃላፊው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ይነግረናል። ከኃላፊው አፍ ያልወጣን ቃል አሳምሮ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም። ገለልተኛ ይሁን ተብሎ የተፈጠረ ጥቅስም ያው የፈጠራ ጥቅስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከባዱ ክፍል ነው፤ ጽሑፉን ለአለቃ ማሳየት። ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው «የእንግዶቹ ስም የት ሄደ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከንቱ አይደለም፤ የወረዳው አስተዳዳሪ መምጣቱ ለድርጅቱ ቀጣይ ሥራ ዋጋ አለው። ስማቸው ከነሥልጣናቸው ከመጨረሻው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ፤ ምስጋናው ደግሞ በደብዳቤ ለብቻው ይድረሳቸው። የድርጅቱ ታሪክም እንዲሁ «ስለ ድርጅቱ» በሚል ርዕስ ከግርጌ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ መቼ ተመሠረተ፣ የት ይሠራል፣ ምን ይሠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጉድለታችንን ለምን በገዛ እጃችን እናወጣለን?» የሚለው ነው። ለዚህ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1906 አሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ የፔንሲልቫኒያ የባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውሃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች ልማድ አደጋን መሸሸግ ነበር። ለኩባንያው የሚሠራው አይቪ ሊ የተባለ የቀድሞ ጋዜጠኛ ግን ስለ አደጋው የሚታወቀውን ጽፎ ለጋዜጦች ሰጠ፤ ጋዜጠኞቹም ቦታው ድረስ ሄደው እንዲያዩ አደረገ። ብዙዎች የዘመናዊው ጋዜጣዊ መግለጫ መጀመሪያ ይህ ነው ይላሉ። ሙያው የተጀመረው ምርቃትን በማድመቅ ሳይሆን ኩባንያው ሊናገረው የማይወደውን በመናገር ነው። አይቪ ሊ በኋለኛ ዘመኑ ለሠራቸው ደንበኞች ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል፤ የዚያ ቀን ሥራው ግን ትክክል ነበር።

ለአለቃው በቀላሉ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው፦ «1,700 ከ4,200» የሚለውን ቁጥር ድርጅቱ ራሱ ካወጣው አጠገቡ ሁለተኛው ጉድጓድ ይጻፋል፤ ሌላ ሰው ካወጣው ግን ብቻውን ርዕስ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አለ። ገለልተኛ ቋንቋ ዜና ያልሆነን ነገር ዜና አያደርግም። ቅጽሎቹን ሰርዛችሁ፣ ስልክ ደውላችሁ፣ ጠይቃችሁ የቀረው «ድርጅቱ አሥረኛ ዓመቱን አከበረ» ብቻ ከሆነ መግለጫ አያስፈልግም፤ ለሠራተኞችና ለወዳጆች የሚላክ ደብዳቤ ይበቃል። ይህን ደፍሮ ለአለቃው የሚናገር ባለሙያ የሚቀጥለው መግለጫው በዜና ክፍሎች ዘንድ ይነበብለታል።

ሁሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ከገጹ ግርጌ የአንድ ሰው ስምና ስልክ ይጻፋል። አዘጋጁ ቁጥሮቹን ለማጣራት የሚደውለው ለጋዜጣ መዝጊያ ሰዓት ሲቃረብ፣ ብዙ ጊዜም ከመሥሪያ ቤት መውጫ በኋላ ነው። እባካችሁ፣ የምትጽፉት ስልክ በዚያ ሰዓት የሚነሣ ይሁን፤ የሚያነሣውም ሰው 43,200 ሊትር ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ይሁን።