የተተረጎመ ኢሜይል ከመላኩ በፊት

አንድ ቡና ላኪ አዲስ አበባ ለሚመጣ ጀርመናዊ ገዢ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ሰኞ መስከረም 5 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወይዘሮ ፀሐይ ቢሯችን ይቀበሉዎታል። ናሙናውን ወደ ሆቴልዎ በሞተር እንልካለን። ገዢው ለመወሰን የ10 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል።» ከዚያም በስልኩ መተግበሪያ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመው።

መጀመሪያ ቀኑን እንይ። መዝገበ ቃላት መስከረምን ሴፕቴምበር ስለሚለው መሣሪያው «ሴፕቴምበር 5 ቀን 2018» ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከተጻፈ ገዢው መጠርጠሩ አይቀርም፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2018 የዋለውም ረቡዕ እንጂ ሰኞ አልነበረም። ዓመቱ ካልተጻፈ ግን የ10 ቀን ስሕተት ማንም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት ለእሱ 9 ሰዓት ነው፤ እንዳለ ከተገለበጠ ሌሊት ይሆንበታል።

ብዙ ሰው እንግሊዝኛውን መልሶ ወደ አማርኛ በማስተርጎም ያረጋግጣል። ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ይህ መንገድ አይረዳም። ሴፕቴምበር 5 ተመልሶ መስከረም 5፣ 3 ሰዓትም 3 ሰዓት ሆኖ ይመጣልና ሁሉም ልክ ይመስላል። መፍትሔው አማርኛውን ራሱን ከማስተርጎም በፊት ማስተካከል ነው፦ «ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 9:00፣ በአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር»።

ሞተር መስሎ የሚያታልል ቃል ነው። እኛ ባለ ሁለት እግሩን ተሽከርካሪ ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ መንቀሳቀሻ ማሽኑን ብቻ ይዞ ይቀራል። «በሞተር ብስክሌት» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ አይመጣም። ወይዘሮ ፀሐይም በሰማይ ያለችው ፀሐይ ሆነው እንዳይገኙ ስማቸውን በላቲን ፊደል ራስዎ ይጻፉት።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይሰጠዋል» ሰ ሲላላ ገዢው ራሱ ለሌላ ይሰጣል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ለገዢው ይሰጣል ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከአገባቡ ይለየዋል፤ መሣሪያው ግን ሊገለብጠው ይችላል፣ የተገለበጠውም እንግሊዝኛ ያለ እንከን ይነበባል። በውል ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለው መገልበጥ ገንዘብ ያስከፍላል። ስለዚህ አድራጊውን ገልጦ «እኛ ለገዢው የ10 ቀን ጊዜ እንሰጣለን» ማለት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ እንግሊዝኛ የሚያነብና አማርኛውን ያላየ ባልደረባ ካለ ትርጉሙን ብቻ ይስጡት። ቀጠሮው የትኛው ቀንና ስንት ሰዓት ነው? ማን ይቀበለዋል? 10 ቀኑን ማን ለማን ሰጠ? መልሱ እርስዎ ካሰቡት ከተለየ ኢሜይሉ ገና አልተዘጋጀም።