አንድ ፕሮሰሰር፣ ሦስት ተራ ጠባቂዎች

ሦስት ሥራዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ እኩል ደረሱ እንበል። ሀ ለመጨረስ 9 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ ለ 6፣ ሐ ደግሞ 3። ፕሮሰሰሩ አንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንዱን ብቻ ነው። ማን ይቅደም? የኦፕሬቲንግ ሲስተም ተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚያሰላው ይህንን ነው።

«ሾርተስት ጆብ ፈርስት» የሚባለው ዘዴ አጭሩን ያስቀድማል። ሐ ሳይጠብቅ ይገባል፤ ለ እስከ 3፣ ሀ እስከ 9 ሚሊሰከንድ ይጠብቃሉ። ተደምሮ 12፣ በአማካይ 4 ነው። ሥራዎቹ እኩል ከደረሱ ከዚህ ያነሰ አማካይ የሚያመጣ ቅደም ተከተል የለም። የቀደመው ሥራ ርዝመት ከኋላው በቆመው ሁሉ ላይ ይደመራልና፤ ሐ ቢቀድም ሁለቱን ሦስት ሦስት ያስጠብቃል፣ ሀ ቢቀድም ግን ዘጠኝ ዘጠኝ።

«ራውንድ ሮቢን» ስለ ርዝመት አይጠይቅም። ለሁሉም እኩል የጊዜ ቁራሽ ያድላል፤ ቁራሹ ኳንተም ይባላል። ያልጨረሰ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። ኳንተሙ 3 ሚሊሰከንድ ቢሆን ተራው እንዲህ ይሄዳል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ። ሐ በ9፣ ለ በ15፣ ሀ በ18 ያበቃሉ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የመጀመሪያው ተራ እስኪደርስ ያለውን ብቻ ይቆጥርና በመሃል የተጠበቀውን ይረሳል። ካበቃበት ጊዜ ላይ የራሱን ሥራ መቀነስ ይበቃል፦ ሀ 9፣ ለ 9፣ ሐ 6። አማካዩ 8፣ ያውም እጥፍ ነው። ልብ በሉ፣ ሀ በሁለቱም ዘዴ 9 ጠብቋል። የተጎዱት አጫጭሮቹ ናቸው።

ታዲያ ራውንድ ሮቢንን ማን ይፈልገዋል? ቁልፍ ተጭኖ ስክሪኑን የሚያይ ሰው ይፈልገዋል። ኳንተሙን ወደ 1 ብናወርደው አማካዩ 8 እንደሆነ ይቀራል፤ ነገር ግን በ2ኛው ሚሊሰከንድ ሦስቱም ሥራ ጀምረዋል። በአጭሩ ዘዴ ሀ እስከ 9 ድረስ ጭራሽ አይነካም። ዋጋው መቀያየሩ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሥራ ወደ ሥራ ሲዞር የቆመበትን መዝግቦ የሌላውን ማንሳት አለበት። ይህ በአጭሩ ዘዴ 2 ጊዜ ይሆናል፣ በኳንተም 1 ግን 15 ጊዜ። የባከነውን ይህን ጊዜ የሰሌዳው ስሌት አላካተተውም፤ ኳንተሙን ከልክ በላይ ማሳጠር የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

አጭሩን ማስቀደም የራሱ ችግር አለው። ሥራው ሳይሠራ ርዝመቱ አይታወቅም፤ ሲስተሙ ካለፈው ተነስቶ መገመት አለበት። አንዱ መንገድ የቀድሞውን ግምትና በተግባር የወሰደውን ጊዜ አማካይ መውሰድ ነው፤ 10 ተገምቶ 6 ከወሰደ ቀጣዩ ግምት 8 ይሆናል። ግምቱ ልክ ቢሆንም እንኳ በየ3 ሚሊሰከንዱ እንደ ሐ ያለ አዲስ ሥራ ከመጣ ለ እና ሀ ተራቸው አይደርስም። ፕሮሰሰሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ፣ አማካዩም ጥሩ መስሎ፣ ሁለቱ በሰልፉ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ሲስተሞች በጠበቀ ቁጥር የሥራውን ቅድሚያ ከፍ እያደረጉ ወደ ፊት ያመጡታል።