አንድ ጥቁር ገብስና አንድ ገለፈት አልባ ገብስ ቢዳቀሉ፦ ገዢና ድብቅ ባሕርያት በፐኔት ሰንጠረዥ



የዛሬው ገለጻ ስለ ውርስ ሕግ ነው። ስለ ውርስ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ምሳሌ የግሪጎር ሜንዴል አተር ነው፤ እኔ ግን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና አቅጣጫ የሚወጣ ሰው ሁሉ በመንገዱ የሚያየውን ገብስ መርጫለሁ። በደጋው የገብስ ማሳ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዛላ ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ ይኸው የገብሳችን ብዙ ዓይነትነት ነበር።

ሁለት ባሕርያትን ብቻ እንያዝ። የመጀመሪያው ፍሬውን የሸፈነው የገለፈት ቀለም ነው፤ ጥቁር ወይም ነጭ። ሁለተኛው ገለፈቱ ከፍሬው ጋር መጣበቁ ወይም አለመጣበቁ ነው። የተለመደው ገብስ ገለፈቱ ስለሚጣበቅ ለምግብ ሲፈለግ በሙቀጫ ይፈተጋል። ገለፈት አልባው ግን እንደ ስንዴ ሲወቃ ገለፈቱን ጥሎ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ጥቁርም የሆነ፣ መፈተግም የማያስፈልገው ገብስ ቢፈልግና በእጁ ያለው አንድ ጥቁር ባለ ገለፈትና አንድ ነጭ ገለፈት አልባ ቢሆን፣ የሚፈልገውን በስንተኛው ክረምት፣ ከስንት ተክል መካከል ያገኛል? ይህን ጥያቄ መልሰን ስንጨርስ ሕጉንም አውቀነዋል።

በመጀመሪያ ገለፈቱን ብቻ እንይ። እያንዳንዱ የገብስ ተክል ለዚህ ባሕርይ ሁለት የጂን ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት ወስዷል። ገለፈቱን የሚያጣብቀውን ቅጂ N፣ የማያጣብቀውን n እንበለው። NN የሆነ ተክል ባለ ገለፈት፣ nn የሆነ ገለፈት አልባ ነው። Nn የሆነውስ? እርሱም ሙሉ በሙሉ ባለ ገለፈት ነው። ስለዚህ N ገዢ፣ n ድብቅ ይባላሉ።

«ገዢ» የሚለው ቃል ብዙ ተማሪ ያሳስታል፤ አንዱ ቅጂ ሌላውን የሚያፍን ይመስላልና። በገብስ ላይ እውነቱ ከዚህ ቀላል ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቁት፣ ይህ ጂን በፍሬው ላይ ገለፈቱን እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቅባታማ ንጣፍ እንዲሠራ ያዝዛል። ገለፈት አልባ በሆኑት ገብሶች ጂኑ ያለበት የዲኤንኤ ክፍል ተቆርጦ ጠፍቷል። እንግዲያው n ትእዛዝ የሌለበት ባዶ ቦታ ነው። አንድ ደኅና ቅጂ ብቻውን በቂ ሙጫ ስለሚያሠራ Nn ከ NN አይለይም። ማንም ማንንም አላፈነም። ደግሞም ገዢ መሆን መብዛት ማለት አይደለም። አንድ ቅጂ በማሳ ላይ መብዛቱ ወይም ማነሱ የሚወሰነው ገበሬው ለዘር በሚያስቀረው ነው።

አሁን Nn የሆነውን ተክል ራሱን በራሱ እናዳቅለው። ገብስ አበባው ሳይከፈት ራሱን የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ ይህን ለማድረግ ዛላውን መተው ብቻ ይበቃል። ተክሉ የዘር ሕዋስ ሲሠራ ሁለቱን ቅጂዎች ይለያያቸዋል፤ ስለዚህ ግማሹ የዘር ሕዋስ N፣ ግማሹ n ይይዛል። የእንግሊዛዊው ሬጂናልድ ፐኔት ሰንጠረዥ የሚያደርገው ይህን በሥዕል ማሳየት ነው። የአባትን የዘር ሕዋሳት ከላይ፣ የእናትን ከጎን ጽፈን ሣጥኖቹን እንሞላለን።

```
      N    n
N    NN   Nn
n    Nn   nn
```

ከአራቱ ሣጥኖች ሦስቱ ባለ ገለፈት፣ አንዱ ገለፈት አልባ ነው። ልብ በሉ፤ በሰንጠረዡ ዳር የሚጻፈው የዘር ሕዋስ እንጂ ወላጁ አይደለም። በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት Nn ን እንዳለ በአንድ ዳር መጻፍ ነው። በአንድ ባሕርይ ጊዜ በዳር ያለው እያንዳንዱ ምልክት አንድ ፊደል ብቻ መሆን አለበት።

ቀለሙም በተመሳሳይ መንገድ ይወረሳል። ጥቁሩን ቅጂ B፣ ነጩን b ብንለው BB እና Bb ጥቁር፣ bb ነጭ ይሆናሉ።

ሁለቱን ባሕርያት አንድ ላይ ከመውሰዳችን በፊት ግን ወደ ማዳቀሉ ሥራ እንሂድ፤ መጻሕፍት የሚዘሉት ነገር እዚህ አለ። ነጩን ገለፈት አልባ bbnn እናት እናድርገው። ዛላው ከቅጠሉ እቅፍ ሊወጣ ሲል፣ የአበባው የብናኝ ከረጢቶች ገና አረንጓዴ ሳሉ፣ ከእያንዳንዱ አበባ ሦስቱንም በወረንጦ እናወጣለን፤ ዛላውንም በወረቀት ከረጢት እንሸፍናለን። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ከጥቁሩ BBNN የበሰለ ብናኝ አምጥተን እናራግፍበታለን። ዘሩ ሲደርስ ምን ዓይነት ይሆናል? ብዙዎቻችሁ «ጥቁር ባለ ገለፈት» ትሉ ይሆናል። የሚገኘው ግን ነጭ፣ ገለፈት አልባ ፍሬ ነው።

ሕጉ ፈርሶ አይደለም። ገለፈት የእናቲቱ አካል ነው፤ አዲሱ ውርስ ያለው በውስጡ በተሸሸገው ፅንስ ነው። ስለዚህ የልጅየውን ባሕርይ ለማየት ዘሩን ዘርቶ የሚያወጣውን ዛላ መጠበቅ ግድ ነው። ሜንዴል በአተር ፍሬ መልክና ቀለም ላይ ውጤቱን በአንድ ክረምት ቀድሞ ያየው እነዚያ ባሕርያት የፅንሱ የራሱ ስለሆኑ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የመጀመሪያው ትውልድ ዛላ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ቆጥሮ ሦስት ለአንድ ቢፈልግ ምንም አያገኝም፤ በዚያ ዛላ ላይ ያለው ገለፈት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ድብቁን ወላጅ እናት ማድረጋችን ሌላም ጥቅም አለው። በሁለተኛው ክረምት የበቀለው ተክል ጥቁር ባለ ገለፈት ዛላ ካወጣ ብናኙ በእርግጥ ከጥቁሩ መጥቷል። ነጭ ገለፈት አልባ ካወጣ ግን አንድ የብናኝ ከረጢት ሳናወጣ ቀርተን እናቲቱ ራሷን አዳቅላለች፤ ያን ተክል ነቅለን እንጥለዋለን። ጥቁሩ እናት ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት በዓይን አይለይም ነበር።

የመጀመሪያው ትውልድ እንግዲህ ሁሉም BbNn ነው። ይህ ተክል የዘር ሕዋስ ሲሠራ ከ B እና b አንዱን፣ ከ N እና n አንዱን ይሰጣል። የቀለሙ ጂን በገብስ አንደኛ ክሮሞሶም፣ የገለፈቱ ጂን በሰባተኛው ላይ ስለሚገኙ የአንዱ አከፋፈል የሌላውን አይወስነውም። ስለዚህ BN, Bn, bN, bn በእኩል መጠን፣ እያንዳንዳቸው ሩብ ሩብ ሆነው ይገኛሉ። አሁን በዳር የሚጻፈው ሁለት ፊደል ነው፤ ከየባሕርዩ አንድ አንድ።

```
       BN     Bn     bN     bn
BN    BBNN   BBNn   BbNN   BbNn
Bn    BBNn   BBnn   BbNn   Bbnn
bN    BbNN   BbNn   bbNN   bbNn
bn    BbNn   Bbnn   bbNn   bbnn
```

ከአሥራ ስድስቱ ሣጥኖች 9ኙ ጥቁር ባለ ገለፈት፣ 3ቱ ጥቁር ገለፈት አልባ፣ 3ቱ ነጭ ባለ ገለፈት፣ 1ዱ ነጭ ገለፈት አልባ ናቸው። ሜንዴል በአተር ላይ ይህን ሲሞክር ከ556 ፍሬዎች 315፣ 101፣ 108 እና 32 ቆጥሯል፤ ወደ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ እጅግ የቀረበ ነው።

የምንፈልገው ጥቁር ገለፈት አልባ በሦስተኛው ክረምት ታየ ማለት ነው። ከሁለቱ ወላጆች አንዳቸውም እንዲህ ያለ መልክ አልነበራቸውም። ነገር ግን ሦስቱን ሣጥኖች በደንብ ተመልከቱ፤ አንዱ BBnn፣ ሁለቱ Bbnn ናቸው። ሁሉም በዓይን አንድ ናቸው። ገለፈት አልባነታቸው አያሳስብም፤ ድብቅ ባሕርይ ከታየ ሁለቱም ቅጂዎች n ናቸውና ከእንግዲህ ልጆቹ ባለ ገለፈት ሊሆኑ አይችሉም። ጥቁረታቸው ግን ገና አይታመንም፤ Bbnn የሆነው ተክል በሚቀጥለው ክረምት ነጭ ዛላ ይቀላቅላል። ገበሬው «ዘሩ ተበላሸ» ቢል አይፈረድበትም፤ የሆነው ግን b ለአንድ ትውልድ ተሸፍኖ ቆይቶ መውጣቱ ነው።

ሁለቱን መለየት የሚቻለው የእያንዳንዱን ተክል ዘር ለብቻው በአንድ መስመር በመዝራት ነው። በመስመሩ አንድ ነጭ ዛላ እንኳ ከታየ እናቲቱ Bbnn ነበረች። ሁሉም ጥቁር ቢሆኑስ? ከ Bb የሚወለድ አንድ ልጅ ጥቁር የመሆን ዕድሉ ሦስት አራተኛ ነው። አራት ልጆች ብቻ ብናይ ሁሉም ጥቁር የመሆን ዕድላቸው ከ100 32 ያህል ስለሆነ ምስክርነቱ ደካማ ነው። አሥራ ስድስት ብናይ ግን ዕድሉ ወደ ከ100 1 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መስመሩን ንጹሕ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

በሦስተኛው ክረምትስ ስንት ተክል ይዘራ? አሥራ ስድስት ሣጥን ስላለ አሥራ ስድስት ተክል ይበቃል የሚል አይጠፋም። ሰንጠረዡ የሚናገረው ግን ዕድልን እንጂ ቆጠራን አይደለም። በአሥራ ስድስት ተክሎች መካከል አንድም BBnn ሳይገኝ የመቅረት ዕድሉ ከ100 36 ያህል ነው። ከ100 95 ያህል እርግጠኛ ለመሆን ቢያንስ 47 ተክል ያስፈልጋል። አንድ መቶ ስድሳ ብንዘራ በአማካይ ሠላሳ ጥቁር ገለፈት አልባ እንጠብቃለን፤ ከእነርሱም አሥር ያህሉ ንጹሕ ናቸው።

በመጨረሻ ስለ ሰንጠረዡ ወሰን አንድ ነገር ልጨምር። ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ የሚወጣው አራቱ የዘር ሕዋሳት እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ጂኖች በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተቀራርበው ከተቀመጡ አብረው ይወረሳሉ፤ ከወላጆቹ የመጣው ጥምረት ይበዛል፣ አዲሱ ጥምረት ያንሳል። ፐኔት ራሱ ከዊልያም ቤትሰን ጋር በአንድ የአበባ አተር ዝርያ ላይ ይህንኑ አይቶ ነበር፤ ምክንያቱ የተብራራው ግን በኋላ በቶማስ ሞርጋን ቤተ ሙከራ በዝንብ ላይ ነው። ስለዚህ ቆጠራችሁ ከዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ በጣም ከራቀ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ባሕርይ ለብቻው ቁጠሩ። ጥቁሩ ለነጩ ሦስት ለአንድ፣ ባለ ገለፈቱም ለገለፈት አልባው ሦስት ለአንድ ሆነው ሳለ ጥምረታቸው ብቻ ከተዛባ፣ ጂኖቹ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። አንደኛው ለብቻው እንኳ ሦስት ለአንድ ካልሰጠ ግን ችግሩ ከማዳቀሉ ወይም ከዘሩ መቀላቀል ሊሆን ስለሚችል ወደ ማሳው ማስታወሻ ደብተር መመለስ ይሻላል።