ትኋን ካዩ ዛሬውኑ ይጻፉ

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ባሉ አፓርታማዎች ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ትኋንም ይኖራል። ትኋን ንጹሕና ቆሻሻ ቤት አይለይም፤ በሻንጣ ተሸሽጎ፣ መንገድ ዳር ከተጣለ ሶፋ ጋር፣ ወይም ከጎረቤት በግድግዳ ስንጥቅ ይገባል። የእኛ ሰው ግን ሲያየው ቀድሞ የሚያስበው «ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል» ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ከሱቅ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። በቨርጂኒያ ሕግ ይህ ዝምታ ገንዘብ ያስከፍላል።

አከራይ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ የመያዝ ግዴታ ስላለበት የማጥፊያው ወጪ በመደበኛው የእሱ ነው። ተከራይ ደግሞ ተባይ እንዳየ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ዘግይቶ ወጪው ከጨመረ፣ የጨመረውን ራሱ ይከፍላል፤ ተባዩ የገባው በእሱ ጥፋት ከሆነ ደግሞ የማጥፊያው ወጪ በእሱ ላይ ይወድቃል። ትኋኑ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ለአከራዩ ከባድ ነው። መዘግየትን ማስረዳት ግን ቀላል ነው፤ ባለሙያው መጥቶ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ትልቅ ትንሹን ትኋንና የተገፈፈ ቆዳውን ካገኘ፣ ነገሩ የሰነበተ መሆኑ ያስታውቃል።

የቆዳ ማሳከክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንሶላውን ገፈው የፍራሹን ስፌት ይክፈቱና በባትሪ ይዩ። እንደ ፓርከር ነጠብጣብ ያለ ጥቁር ምልክት ካገኙ በእርጥብ ሶፍት ይንኩት፤ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የትኋን ኩስ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶ አንሥተው፣ የተገኘ ነፍሳት ካለም በፕላስቴር ወረቀት ላይ ለጥፈው ያስቀምጡ።

አንዲት ተከራይ ማርች 3 ምልክቱን አየች እንበል። በዚያው ቀን ለማኔጅመንቱ ቢሮ ኢሜይል ትጽፋለች፦ የቤት ቁጥሯን፣ የት እንዳየችው፣ ፎቶውን፣ እንዲመረመርና እንዲታከም መጠየቋን። በስልክ ወይም ለጥገና ሠራተኛው በቃል መንገር አይበቃም፤ ነገ ክርክር ቢነሣ የሚቆጠረው ወረቀት ነው። አከራዩ ቤት ውስጥ መድኃኒት ከማስረጨቱ በፊት በመደበኛው ቢያንስ የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ እሷ ከተስማማች ሊያጥር፣ ርጭቱን ራሷ ከጠየቀች ደግሞ ሊቀር ይችላል። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለና መድኃኒቱ ካሳሰባት፣ ከርጭቱ 24 ሰዓት ቀደም ብላ በጽሑፍ ማሳወቅ ትችላለች። ማስታወቂያው ማርች 5 ቢደርሳት ርጭቱ ማርች 7 ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ርጭት አይበቃም። አብዛኛው መድኃኒት እንቁላሉን በደንብ አይገድልም፣ እንቁላሉ ደግሞ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ ሁለተኛው ርጭት ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ማለትም ማርች 21 ገደማ፣ መደረግ አለበት፤ ቀጠሮው አስቀድሞ ይያዝ። እስከዚያ ልብስና አንሶላ በማድረቂያ ማሽን ከፍተኛ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያህል ይግባ። በዝግጅት ረገድ አከራዩ በጽሑፍ የሰጠውን መመሪያ ይከተሉ፤ ካልተከተሉ ሕክምናው ሲከሽፍ ጣቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ሳሎን ሄዶ መተኛት ትኋኑን ወደ ሳሎን ይጠራል። ከሱቅ የሚሸጠው፣ ቤት ዘግተው የሚያጨሱት ቦምብ ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸገውን አይደርስበትም፤ ገንዘብ ማባከን ነው።

በረሮ ከሆነ ደንቡ ያው ነው፤ መፍትሔው ግን ጄል ማጥመጃ ነው። ጄሉ ባለበት ላይ ስፕሬይ አይርጩ፤ በረሮው ማጥመጃውን ይሸሸዋል።

አከራዩ ዝም ካለስ? ችግሩ ለጤና አስጊ ከሆነ ወይም አከራዩ ግዴታውን በጉልህ ከጣሰ፣ በጽሑፍ ካሳወቁት በኋላ 14 ቀን ይጠብቃሉ፤ በምሳሌያችን እስከ ማርች 17። በዚህ ጊዜ ምንም ካልተደረገ ተከራይዋ ፈቃድ ያለው የፀረ ተባይ ድርጅት ቀጥራ ወጪውን ከኪራይ ልትቀንስ ትችላለች። ጣሪያው 1,500 ዶላር ወይም የአንድ ወር ኪራይ ነው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፤ ኪራይዋ 1,900 ከሆነ እስከ 1,900 ማለት ነው። ባለሙያ እንዳይገባ ራሷ ከልክላ ከነበረ ግን ይህን መብት ታጣለች።

ሌላው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ከማስታወቂያው 30 ቀን ካለፈ መዘግየቱ ከልክ ያለፈ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አከራዩ ግን ማስተባበል ይችላል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተከራይ ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ያስገባል እንጂ በኪሱ አያስቀምጥም። በራስ ውሳኔ ኪራይ ማቆም ከቤት ለማስወጣት ክስ በር ይከፍታል። ወጪውን ሊቀንሱ ካሰቡም ዝርዝር ሂሳቡን፣ ደረሰኙንና የድርጅቱን ሪፖርት ለአከራዩ ማስረከብ አለብዎት፤ ያለዚያ ተቀናሽ የለም።