የገንዳ ውሃ ሙቀትና የብሬከር ሳጥን

በሚያዝያ እኩለ ቀን ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሻገር፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተሰቀለ የብሬከር ሳጥን ደግሞ ከዚያም በላይ ይግላል። ሳጥኑን የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ይህን ከመጀመሪያው ቢያስብበት ይሻላል፤ ምክንያቱም ለቤት የሚሸጡት ብሬከሮች አምፔራቸው የተለካው በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው።

ብሬከር ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቀጭን ዝርግ አለ። የሚያልፍበት ጅረት ሲበዛ ይሞቅና ይታጠፋል፣ ታጥፎም መስመሩን ያቋርጣል። ዝርጉ ግን ሙቀቱ ከሽቦ ይምጣ ከፀሐይ አይለይም። ስለዚህ 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር በጋለ ሳጥን ውስጥ ከሌሎች ብሬከሮች ጋር ተጠጋግቶ ሲቆም፣ ለረጅም ሰዓት የሚሸከመው ወደ 14 አምፔር ሊወርድ ይችላል። ሾርት ሲፈጠር በቅጽበት የሚዘጋው ሌላው ክፍል በመግነጢስ የሚሠራ በመሆኑ ሙቀቱ ብዙም አይነካውም።

ከዋናው ቤት ጀርባ የተቀጠለ አንድ ክፍል እንውሰድ፤ ሁለት አምፖልና ቬንትሌተር፣ ጥቂት ሶኬቶች፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ አለው። ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ከተሰካ ደጋ ላይ ምናልባት ይችለው ይሆናል። ገንዳ ውሃ ላይ ግን ሊጡ ሳያልቅ መብራቱ ይጠፋል፣ ጥፋቱም በምጣዱ ይላከካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽቦውን ሳይነካ ብሬከሩን ብቻ ወደ 20 ወይም 25 በማሳደግ ነው።

ሽቦም ይሞቃል። በግድግዳ ላይ በቱቦ የሚሄድ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ በ30 ዲግሪ 24 አምፔር ያህል ይችላል፤ በ50 ዲግሪ ግን 17 ብቻ ነው። ይህን ሽቦ 20 አምፔር ብሬከር አይጠብቀውም፣ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለምጣዱ 20 አምፔር ብሬከር ከ4 ካሬ ሽቦ ጋር፣ ለሶኬቶቹ 16 ከ2.5 ካሬ፣ ለመብራቱ 10 ከ1.5 ካሬ ይበቃል። ምጣዱ መስመሩን ለብቻው ይያዝ።

ከዋናው ቤት የሚመጣው ገመድ በዚያው በ32 አምፔር ብሬከር ይጠበቅና 10 ካሬ ይሁን። አዲሱ ሳጥን ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው ባለ 40 አምፔር ዋና ማጥፊያ ነው። ማጥፊያው ጅረት ቢበዛም በራሱ አይዘጋም፣ ሥራው በእጅ ማቋረጥ ብቻ ነው። ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ ኋላ ቀለም ተቀላቅሎ ሁለቱ ቢቀያየሩ እንኳ ጥገና ላይ ያለ እጅ ይድናል።

ከማጥፊያው የወጣው ፌዝ ባስ ባር በሚባለው ባለ ጥርስ የመዳብ ዝርግ ለብሬከሮቹ ይከፋፈላል። ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። የብሬከሩ ብሎን ሲፈታ መቆንጠጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል፤ ጥርሱ መግባት ያለበት በመቆንጠጫው አፍ ውስጥ ሆኖ ሳለ ከኋላው ሊያልፍ ይችላል። ብሎኑ ቢጠብቅም ጥርሱ አይያዝም። ካቻቢቴ አስቀምጦ ባስ ባሩን በእጅ መሳብ ነው፤ ከተንቀሳቀሰ እንደገና መፍታት ነው። በልክ የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ በፕላስቲክ ክዳኑ ይሸፈናል፣ የሳጥኑን ብረት ከነካ ሾርት ነውና።

ኒውትራሎቹ በአንድ ዘንግ፣ ቢጫና አረንጓዴ የመሬት ሽቦዎቹ በሌላ ዘንግ ይታሰራሉ። እነዚህ ሁለት ዘንጎች በዚህ ንዑስ ሳጥን ውስጥ አይገናኙም። ከተገናኙ የምጣዱ ጅረት በከፊል በመሬት ሽቦው ይመለሳል፤ ዋናው ቤት ላይ ጅረት ሲያፈስ የሚዘጋ መከላከያ ካለም ያለምክንያት ይዘጋል።

ሳጥኑ የሚሰቀለው ከምጣዱ በራቀ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በማትመታው ግድግዳ ላይ ነው። በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ከሆነ ከጀርባው እንጨት ይደረግና አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። በብሬከሮቹ መካከል የአንድ ብሬከር ያህል ባዶ ቦታ መተው፣ በተለይ ከምጣዱ ብሬከር ጎን፣ ሙቀቱን ይቀንሳል።

መብራት ከመልቀቁ በፊት ሁሉም ብሬከር ዝቅ ይላል፣ ኒውትራልና መሬት አለመገናኘታቸው በቴስተር ይታያል። ከዚያ ዋናው ማጥፊያ ይበራና ብሬከሮቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ክዳኑ ሳይከፈት ፊቱ በእጅ ይዳሰሳል፤ አንዱ ብሬከር ከጎረቤቶቹ ለይቶ ቢግል፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቢኖር፣ ዋናው ቤት ላይ ያለው 32 አምፔር ብሬከር ተዘግቶ፣ መብራቱ መጥፋቱ በቴስተር ተረጋግጦ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ።